ሰዓት ሰሪውን ምን ልጠይቀው? ከጥያቄ ዝርዝር እስከ ታረመ ቃለ መጠይቅ

«እስቲ ስለ ሥራዎ ትንሽ ይንገሩን።»

የመጀመሪያዎቹን ቃለ መጠይቆቼን የጀመርኩት በዚህች ጥያቄ ነበር። መልሱም ሁሌ አንድ ዓይነት ነው፦ «ሥራው ጥሩ ነው፣ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ በፍቅር ነው የምሠራው።» ይህን መልስ ከዳቦ ጋጋሪም ከቀዶ ሐኪምም እኩል ታገኙታላችሁ። ባለሙያው ምንም ጥፋት የለበትም። ሜዳ የሚያህል ጥያቄ ተጠየቀ፣ ሜዳ የሚያህል መልስ ሰጠ።

ከዚህ በታች አንድ ምሳሌ ይዤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እሄዳለሁ። ባለሙያችን በሰፈር ውስጥ ትንሽ ሱቅ ያላቸው፣ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰዓት ሰሪ ናቸው እንበል። እናንተ የምትጠይቁት ንብ አናቢም ሆነ ልብስ ሰፊ አካሄዱ አይለወጥም።

1. አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ተነሱ

ዝርዝሩን ከመጻፋችሁ በፊት አንባቢው ሊያውቀው የሚፈልገውን አንድ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። የእኛ ይህ ነው፦ ባትሪው ከተቀየረ ወር ያልሞላው ሰዓት ለምንድነው የሚቆመው?

ቀጥሎ ግማሽ ሰዓት ያህል አንብቡ። ስፔሻሊስት መሆን አይጠበቅባችሁም። በማንበብ የሚገኝ ነገር እየጠየቃችሁ የሰውየውን ጊዜ እንዳትፈጁ ያህል ብቻ ነው። ለምሳሌ የኳርትዝ ሰዓት ውስጥ ያለችው ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ እንደምትርገበገብ ማወቅ ይበቃል፤ እሱን ሰዓት ሰሪውን መጠየቅ አያስፈልግም። የተለመደ የእጅ ሰዓት ባትሪ ሁለት ሦስት ዓመት እንደሚቆይ ካነበባችሁ ደግሞ እሳቸው ሌላ ቁጥር ሲናገሩ ጆሯችሁ ቀጥ ይላል። ንባቡ በዋናነት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ከዚያ ደውሉ ወይም ሱቃቸው ጎራ በሉ። አራት ነገር ንገሯቸው፦ ርዕሱ ምን እንደሆነ፣ የት እንደሚወጣ፣ ድምፃቸው እንደሚቀረጽ፣ ንግግራቸው ደግሞ እንደሚያጥርና እንደሚታረም። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ጠብም የሚያመጣው እሱ ነው።

«ጥያቄዎቹን ቀድመህ ላክልኝ» ካሉ እኔ ዝርዝሩን አልልክም፣ ርዕሶቹን ብቻ ነው የምነግራቸው። ዝርዝሩ የደረሰው ሰው መልሱን ጽፎ ይመጣና ያነብላችኋል። የተጻፈ ንግግር ደግሞ ለመቅዳት ቢመችም ለማንበብ ይሰለቻል።

2. ሃያ ጻፉ፣ ስምንት አስቀሩ

ወደ አእምሯችሁ የመጣውን ሁሉ ጻፉ። ሃያ ይሁን፣ ሃያ አምስት ይሁን። ከዚያ እያንዳንዱን ጥያቄ እንዲህ ፈትኑት፦ ይህን ጥያቄ ለሌላ ሙያተኛ ብጠይቀው ያስኬዳል? የሚያስኬድ ከሆነ ሰርዙት፣ ወይም አጥብቡት።

«የሥራው ፈተና ምንድነው?» ለማንም ይሆናል። «መጨረሻ ላይ ከፍተው ያቃተዎት ሰዓት የቱ ነው? ምን ነበረው?» ለሰዓት ሰሪ ብቻ ነው የሚሆነው። ልዩነቱን አስተውሉ። የመጀመሪያው አስተያየት ይጠይቃል፣ ሁለተኛው አንድ ቀን፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ዕቃ ያስታውሳል። ሰው አስተያየት ሲሰጥ ይጠነቀቃል። የሆነ ነገር ሲያስታውስ ግን ይፈታል። ለዚህ ነው ዝርዝሬ ውስጥ «መጨረሻ ጊዜ»፣ «የመጀመሪያው ቀን»፣ «ባለፈው ሳምንት» የሚሉ ቃላት የሚበዙት።

ሁለት ዓይነት ጥያቄ ደግሞ አስወግዱ። አንዱ በ«አዎ» የሚያልቀው ነው። «የክዳኑ ጎማ ሲያረጅ ውሃ ያስገባል አይደል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱን ራሳችሁ ሰጥታችኋል፣ ለእሳቸው የቀረው ጭንቅላት መነቅነቅ ነው። ሌላው ድርብ ጥያቄ ነው። «ሙያውን ከማን ተማሩ፣ ያኔ ስንት ዓመትዎ ነበር፣ ለምንስ መረጡት?» ሲባል ሰው የሚመልሰው የመጨረሻዋን ብቻ ነው።

ስምንቱን ስትደረድሩ ቀላሉንና እጅ የሚያፍታታውን ከፊት አድርጉ፤ «አሁን ጠረጴዛዎ ላይ ያለው ሰዓት ምን ሆኖ ነው የመጣው?» ጥሩ መጀመሪያ ነው። የሚከብደው፣ ለምሳሌ ስለ ሌሎች ጠጋኞች ስህተት የሚጠይቀው፣ ከመሃል በኋላ ይሁን። ዝርዝሩን በትልልቅ ፊደል በአንድ ገጽ ላይ ጻፉት። ወረቀት እያገላበጡ ሰው ማዳመጥ አይቻልም።

ከገጹ ግርጌ ሦስት ትናንሽ ጥያቄዎች ጨምሩ፦ «ከዚያስ?»፣ «እንዴት አወቁ?»፣ «ለምሳሌ?» ከስምንቱ ይልቅ ብዙ ሥራ የሚሠሩት እነዚህ ናቸው።

3. ቀረጻው

ሱቃቸው ውስጥ መቅረጽ ጥሩ ነው፣ ዕቃቸው አጠገባቸው ስለሆነ ያሳያሉ። ጫጫታው ግን አለ። ስልካችሁን ከአፋቸው አንድ ስንዝር ተኩል ያህል አርቃችሁ አስቀምጡ። ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ከሥሩ ጨርቅ አድርጉ፣ አለዚያ መፍቻ በተቀመጠ ቁጥር ቅጂው ውስጥ መድፍ ይተኮሳል። 30 ሰከንድ ቅረጹና በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ጆሯችን የለመደውን የማራገቢያ ድምፅ ቅጂው በደንብ ይይዘዋል።

ስልኩን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉት። እኔ አንድ ጊዜ ይህን ረስቼ 18ኛው ደቂቃ ላይ ስልክ ተደወለ፣ ቅጂው ቆመ፣ እኔም ሳላውቅ ሌላ 20 ደቂቃ ጠየቅኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ላይ ሳልቀርጽ አልጀምርም። ሁለተኛው አሮጌ ስልክ ቢሆንም ይበቃል።

መቅረጫው ከበራ በኋላ የመጀመሪያው ቃል ፈቃድ ይሁን፦ «ጋሼ፣ እየቀረጽኩ ነው፣ ይስማማሉ?» መልሳቸው ቅጂው ላይ ይኑር።

የእጅ ሥራ ባለሙያ ስትጠይቁ አንድ ልዩ ወጥመድ አለ። በእጃቸው ያወራሉ። «ይቺ እዚህ ጋ ትገባለች፣ እንዲህ ስታደርጋት ቀጥ ትላለች» ይሏችኋል። እዚያው ሆናችሁ ሁሉም ግልጽ ነው። ማታ ስትሰሙት «ይቺ» ማን እንደሆነች፣ «እዚህ ጋ» የት እንደሆነ ማንም አያውቅም። ስለዚህ እያሳዩ ሲናገሩ ስሙን እናንተ ጮክ ብላችሁ ጥሩት፦ «ይህቺ ከክዳኑ ሥር ያለችው ጎማ ማለትዎ ነው?» ትንሽ ያስቸግራል፣ ግን ያድናል።

መልሱ ያለቀ ሲመስላችሁ ወዲያው ወደ ሚቀጥለው አትዝለሉ። በልባችሁ እስከ አራት ቁጠሩ። ብዙ ሰው ዋናውን ነገር የሚናገረው ከዚያች ዝምታ በኋላ ነው። ጥሩ ነገር ስትሰሙ ደግሞ ደቂቃውን ማስታወሻ ላይ ጫሩ። መጨረሻ ላይ «ሳልጠይቅዎ የቀረ ምን አለ?» በሉ። መቅረጫውን ግን ቶሎ አታጥፉ።

4. ግልባጩ

በዚያው ቀን ጀምሩት፣ ፊታቸውና እጃቸው ገና ትዝ ሲላችሁ። አንድ ሰዓት ቅጂ ለመገልበጥ አራት ሰዓት ያህል እንደሚፈጅ ያዙ። የ40 ደቂቃ ቅጂ እንግዲህ ከሰዓት በኋላውን ይወስዳል ማለት ነው። ፍጥነቱን ወደ 0.75 ዝቅ ማድረግ ጣትን ያሳርፋል።

የመጀመሪያው ግልባጭ ጥሬ ይሁን። እያረማችሁ አትገልብጡ። «እ...» ሲሉ ጻፉት፣ ሲደግሙ ድገሙት፣ ሲስቁ [ሳቅ] በሉ። በየሁለት በየሦስት ደቂቃው [14:20] እያላችሁ ሰዓቱን አስገቡ። ያልሰማችሁትን [አልተሰማም 23:10] ብላችሁ እለፉ። ገምታችሁ የሞላችሁት ቃል በኋላ የእሳቸው መስሏችሁ ይቀራል።

አማርኛ ላይ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ፣ መጥበቅና መላላት። ፊደላችን አያሳየውም። ሰዓት ሰሪው «ጎማዋ ስታረጅ ትጠባለች» አሉ እንበል። «ባ»ን አጥብቀው ካሉት ጎማዋ ጠበበች፣ ኮሰመነች ማለት ነው። አላልተው ካሉት ግን እርጥበት ትመጥጣለች፣ ትስባለች ማለት ነው። ሁለቱም ስለ ሰዓት ሲወራ ያስኬዳሉ። በጆሮ ስትሰሙት ግልጽ ነው፣ ወረቀት ላይ ግን ይጠፋል። እንዲህ ያለ ቃል ሲገጥማችሁ ያኔውኑ በማዕዘን ቅንፍ ፍቺውን ጻፉ፦ «ትጠባለች [ጠባብ ትሆናለች]»። ከሳምንት በኋላ አታስታውሱትም።

5. እርማቱ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። የጥያቄያችን ጥሬ መልስ እንዲህ ነው እንበል፦

> እንግዲህ ምን መሰለህ... ሰዓት ይዘው ይመጣሉ አይደል። ባትሪ ቀይርልኝ ይልሃል። እ... ባትሪውማ ይቀየራል፣ ችግር የለውም። ግን ያው ክዳኑ ሲከፈት ጎማ አለው፣ ክር የመሰለች ጎማ፣ እሷ ናት ዋናዋ ማለት ነው። እሷን ማንም አያያትም። ባለፈው አንዱ መጣ፣ ከወር በፊት ነው ባትሪ ያስቀየርኩት አለኝ፣ ሌላ ቦታ ማለት ነው። ከፈትኩት። ምን አለ መሰለህ፣ ውስጡ ጤዛ! ባትሪው ጤነኛ ነው እኮ። በመለኪያ አየሁት፣ ሙሉ ነው። ጎማዋ ግን ደርቃ፣ ተሰንጥቃ፣ እንደ... እንደ ደረቀ ቅጠል ሆናለች። ሰውዬው እጁን ሲታጠብ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ስለዚህ እኔ ባትሪ ስቀይር ጎማዋን አያለሁ። ሁሌ አልቀይርም፣ ካረጀች እቀይራለሁ። ያው እንግዲህ እንደዚህ ነው።

ከእርማት በኋላ፦

> ባትሪውማ ይቀየራል፣ ችግር የለውም። ግን ክዳኑ ሲከፈት ጎማ አለው፣ ክር የመሰለች ጎማ። እሷ ናት ዋናዋ። እሷን ማንም አያያትም። ባለፈው አንዱ መጣ። «ከወር በፊት ነው ባትሪ ያስቀየርኩት» አለኝ፤ ሌላ ቦታ። ከፈትኩት። ምን አለ መሰለህ፣ ውስጡ ጤዛ! ባትሪው ጤነኛ ነው እኮ። በመለኪያ አየሁት፣ ሙሉ ነው። ጎማዋ ግን ደርቃ፣ ተሰንጥቃ፣ እንደ ደረቀ ቅጠል ሆናለች። ሰውዬው እጁን ሲታጠብ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ስለዚህ እኔ ባትሪ ስቀይር ጎማዋን አያለሁ። ሁሌ አልቀይርም፣ ካረጀች እቀይራለሁ።

የጨመርኩት ቃል የለም። የቀነስኩት ብቻ ነው። መግቢያው ወጣ፣ ጥያቄውን ስለሚደግም። «ያው»፣ «እ...» እና የመጨረሻው «እንደዚህ ነው» ወጡ።

«ማለት ነው»ን ተመልከቱ። ጥሬው ላይ ሦስት ጊዜ አለ። ሁለቱ ትንፋሽ መውሰጃ ናቸው፣ አወጣኋቸው። ሦስተኛው ግን ሥራ አለው። ሰውዬው እጁን ሲታጠብ ውሃ ሲገባ ሰዓት ሰሪው አላዩም። ጤዛውንና ጎማዋን አይተው ደመደሙ። «ውሃ ገብቷል ማለት ነው» ግምታቸው ነው። «ውሃ ገብቷል» ብላችሁ ካሳጠራችሁት ያዩት ነገር አደረጋችሁት። በአማርኛ ንግግር «ማለት ነው» በብዛት ጣል ስለሚደረግ እጃችን ለምዶት ሁሉንም እንጠርጋለን። አንድ በአንድ ማየት ግድ ነው።

ሌላው ፈተና የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት። «ጎማዋን አያለሁ» ላይ ብትቆሙ መልሱ ቆፍጠን ብሎ ያልቃል። «ሁሌ አልቀይርም» ትንሽ ያደበዝዘዋል። ግን እንዳለች ትቆይ። ነገ አንድ አንባቢ ሱቃቸው ሄዶ «ሁሌ ይቀይራሉ ብለው የለ» ቢላቸው እዳው የእሳቸው ነው የሚሆነው።

ጎማ ለምን «እሷ» ሆነች የምትሉ ትኖራላችሁ። ተዉአት። እሳቸው ለትንሿ ዕቃ ያላቸው ቅርበት ያለው እዚያች «ዋናዋ» ውስጥ ነው። ሰዋስውን አስተካክላለሁ ብላችሁ «ጎማው ደርቆ፣ ተሰንጥቆ» ካላችሁ የእናንተ ድምፅ ይሆናል። «ምን አለ መሰለህ»ንም አንዴ ትቻታለሁ፤ በየመልሱ ከመጣች ታታክታለች፣ ጨርሳ ከጠፋች ደግሞ ሰውየው መግለጫ የሚያነቡ ይመስላሉ። እናንተ «እርስዎ» እያላችሁ እሳቸው «አንተ» ማለታቸውም እንዳለ ይቀመጥ። ለሁለታችሁ የተፈጥሮው እሱ ነው።

መልስ ማገጣጠምስ? ስለ ጎማዋ 14ኛው ደቂቃ ላይ ተናግረው 31ኛው ላይ «ያኔ ያልኩህ ጎማ ደግሞ...» ብለው ከተመለሱ ሁለቱን በአንድ ጥያቄ ሥር ማምጣት ይቻላል። ርዕሱ አንድ ስለሆነ ትርጉም አይለወጥም። የማይቻለው መልስን ከተጠየቀበት ጥያቄ ነቅሎ ሌላ ጥያቄ ሥር መትከል ነው። «ደንበኞች ራሳቸው ክዳኑን ይከፍታሉ?» ተብለው «አንዳንዴ፣ ያበላሹታልም» ካሉ፣ ያ መልስ «ሌሎች ጠጋኞች ያበላሻሉ?» በሚል ጥያቄ ሥር ሲገባ ስም ማጥፋት ሆኗል። የራሳችሁን ጥያቄ ማሳጠር ግን ትችላላችሁ፣ የተንዛዛ ከሆነ አሳጥሩት። ሳይጠየቅ የቀረ ብልህ ጥያቄ ግን በኋላ አትጻፉ። ረጅም መልስ ለመክፈል «ከዚያስ?» ብታስገቡ ግን ማንንም አይጎዳም።

6. ማጣራት

እርማቱ ሲያልቅ ቁጥርና የሙያ ቃል ያለበትን ሁሉ አስምሩበት። እኛ ጋ ሁለት ነገር ይወጣል።

አንደኛው የሚጋጭ ነው። 9ኛው ደቂቃ ላይ «ባትሪ አሥር ዓመትም ይቆያል» ብለዋል፣ 26ኛው ላይ ደግሞ «ሁለት ሦስት ዓመት ነው ዕድሜው»። ሲቀረጽ አላስተዋልንም፣ ግልባጩ አጋለጠው። የሚስማማችሁን መርጣችሁ ሌላውን አትሰርዙ። ደውላችሁ ጠይቁ። እዚህ ላይ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ረጅም ዕድሜ ያለው የሊቲየም ባትሪ የተገጠመላቸው አንዳንድ ሰዓቶች አሥር ዓመት ይሄዳሉ፣ የተለመደው ግን ሁለት ሦስት ነው። እሳቸው ይህን ካረጋገጡ በቅንፍ ታስገቡታላችሁ፦ «[የሊቲየም ከሆነ] አሥር ዓመትም ይቆያል»።

ሁለተኛው ከሌላ ምንጭ የሚጣራ ነው። «30 ሜትር የሚል ሰዓት ለዋና አይሆንም» ብለዋል። ለአንባቢ ይህ ስህተት ይመስላል፣ ጀርባው ላይ 30 ሜትር ተጽፎ እያለ! የሰዓት አምራቾችን መመሪያ ስታዩ ግን ልክ ናቸው። 30 ሜትር የተባለው የፈተና ግፊት ነው፤ በተግባር ፍንጣቂን ይችላል፣ ለመዋኘት አይመከርም። እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን ከመልሱ ሥር በራሳችሁ ድምፅ አንድ መስመር ማብራሪያ አስገቡ። የእሳቸው አፍ ውስጥ አትክተቱት።

የታረመውን ለእሳቸው ማሳየት ላይ ሰው ይከራከራል። እኔ ስልክ ደውዬ ቁጥሮቹንና የሙያ ቃላቱን ብቻ አነብላቸዋለሁ። ሙሉውን ከላክሁ «እንዲህ አላልኩም፣ እንዲህ ብለህ ጻፍ» ይመጣና «በፍቅር ነው የምሠራው» ተመልሶ ይገባል። የተሳሳተ ነገር ካለ አርማለሁ። የደንበኛ ስም አምልጧቸው ከሆነ ሳይጠይቁኝም አወጣለሁ።

7. ማውጣት

የ40 ደቂቃ ወሬ እኔ ጋ 3,000 ቃል አካባቢ ይሆናል። ከዚያ 1,200 ገደማ ብቻ እይዛለሁ። ስምንቱ ጥያቄ አምስት ወይም ስድስት ይሆናል፣ ምንም አይደል። መግቢያው ሰውየውን በሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ያስተዋውቅ፤ ማን ናቸው፣ ስንት ዓመት ሠሩ፣ የት ተነጋገራችሁ። ከሥሩ አንድ መስመር፦ «ቃለ መጠይቁ ለርዝመትና ለግልጽነት ታርሟል።» ርዕሱን ከአፋቸው ውሰዱ። «እሷን ማንም አያያትም» ከ«ከሰዓት ጥገና ባለሙያ ጋር የተደረገ ቆይታ» በብዙ ይሻላል።

ቅጂውንና ጥሬ ግልባጩን ግን አትሰርዙ። በቀን ሰይማችሁ አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጧቸው። ከሁለት ወር በኋላ ስልክ ተደውሎ «እኔ ሁሌ አልቀይርም አላልኩም» ሲባል [14:20] ላይ ሄዳችሁ አብራችሁ ትሰሙታላችሁ።